ዲስላይክ ስናደርግ ዩቲዩብ ምን ይሰማል? የማንፈልገውን ቪዲዮ የምር የሚቀንሰው የትኛው በተን ነው?

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልን ጥያቄ ነው፦ «የማልፈልገውን ቪዲዮ ዲስላይክ አደርጋለሁ፣ ዩቲዩብ ግን መልሶ መላልሶ ያመጣብኛል። በተኑ አይሰራም እንዴ?»

ይሰራል። ግን የሚሰራው እኛ የምናስበውን ያህል አይደለም።

ዩቲዩብ ቪዲዮ የሚመርጥልን በአብዛኛው ሳናስበው ከምንተወው ዱካ ነው። ምን ከፈትን? ስንት ደቂቃ ቆየን? ቀጥሎ ምን አየን? ይሄ መረጃ ስልካችንን በነካን ቁጥር ይሰበሰባል። ዲስላይክ ግን በስንት ጊዜ አንዴ የምንነካው ነገር ነው። በዚያ ላይ አንድን ቪዲዮ 20 ደቂቃ አይተን በመጨረሻ ዲስላይክ ብናደርግ፣ ሁለት የሚጋጩ መልእክቶችን ልከናል ማለት ነው፦ «20 ደቂቃ ይዞኛል» እና «አልወደድኩትም»።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የሞዚላ ፋውንዴሽን በ2022 ከ20 ሺህ በላይ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎችን ይዞ ይህንኑ ፈትሾ ነበር። የአንዳንዶቹ በተን ለዩቲዩብ ምልክት ይልካል፤ የሌሎቹ ምንም አይልክም። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች በኋላ የቀረቡላቸውን ቪዲዮዎች አነጻጸረ። ተመሳሳይ ያልተፈለጉ ቪዲዮዎችን በመቀነስ በኩል ውጤቱ እንዲህ ነበር፦

▪️ "Don't recommend channel" 43 በመቶ
▪️ ከታሪክ ላይ ማጥፋት 29 በመቶ
▪️ ዲስላይክ 12 በመቶ
▪️ "Not interested" 11 በመቶ

ልብ በሉ፣ አንደኛ የወጣው እንኳ ግማሽ አልደረሰም። ዩቲዩብ በበኩሉ በተኖቹ አንድን ርዕስ ወይም አመለካከት ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፉ ተብለው እንዳልተሰሩ ተናግሯል። ቁልፉ እዚህ ጋር ነው። "Not interested" ስትሉ «ይሄንን ቪዲዮ አንሳልኝ» እንጂ «ይሄን ርዕስ ዝጋልኝ» እያላችሁ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንይ። ታናሽ ወንድማችሁ ማታ ስልካችሁን ተውሶ አምስት የመኪና አደጋ ቪዲዮ አየ እንበል። ጠዋት ዩቲዩብን ስትከፍቱ ከመጀመሪያዎቹ 20 ቪዲዮዎች 8ቱ የአደጋ ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ 4ቱ የአንድ ቻናል። ምን ታደርጋላችሁ?

1️⃣ መጀመሪያ ምንጩን አድርቁ። "History" ውስጥ ገብታችሁ ወንድማችሁ ያያቸውን አምስቱንም አጥፉ። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ "Remove from watch history" ይላል። ይሄ ከቀረ ሌላው ሁሉ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው፤ ስሩ እንዳለ ይቀመጣል።

2️⃣ አራት ቪዲዮ ያመጣውን ቻናል፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ "Don't recommend channel" በሉት። ያው ቪዲዮ በሌላ ቻናል ተጭኖ ከመጣ ግን ይሄ አያግደውም።

3️⃣ የቀሩትን አራት "Not interested" በሏቸው። "Tell us why" የሚል ከመጣ ንኩትና ምክንያቱን ምረጡ። «አይቼዋለሁ» እና «አልወደውም» የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ የምትወዱትን ነገር ስላያችሁት ብቻ ስታነሱ አትሳሳቱ።

4️⃣ ዲስላይክ ለማድረግ ብላችሁ ቪዲዮውን አትክፈቱ። መክፈቱ ራሱ እንደ ማየት ሊቆጠር ይችላል። «እስቲ ምንድነው» ብሎ መግባትም ያው ነው።

መስራቱን በምን ታውቃላችሁ? አንድ ቪዲዮ ስለጠፋ አትደምድሙ። ለጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን 20 ቪዲዮዎች ቁጠሩ። 8 የነበረው ወደ 3 ወይም 2 ከወረደ እየሰራ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ፣ ወይ ታሪክ ላይ ያልጠፋ ቪዲዮ አለ፣ ወይ በዚያው አካውንት ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ወይም በቲቪ እያየ ነው። በተኑን የነካችሁት በሌላ አካውንት ገብታችሁ እንዳይሆንም አረጋግጡ፤ ምልክቱ የሚመዘገበው በተነካበት አካውንት ላይ ነው።

በስህተት የምትወዱትን ቻናል ካገዳችሁስ? ወዲያው ከሆነ "Undo" የሚለውን ንኩ። ካለፈ ደግሞ myactivity.google.com ላይ "Other activity" ውስጥ ያለውን የዩቲዩብ "Not interested" ክፍል ማጥፋት ይቻላል። ግን አንዱን ለይቶ አይመልስም፤ እስከዛሬ ያገዳችሁትን በሙሉ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት የምር እንዳይመለሱ የምትፈልጓቸውን ቻናሎች ስም ጻፉና ያዙ፤ ኋላ ሲመጡ እንደገና ማገድ ይኖርባችኋል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ከኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዲስላይክ ቁጥር ለተመልካች አይታይም። በተኑ ግን አልሞተም፤ የቪዲዮው ባለቤት ቁጥሩን ያያል፣ የእናንተም ምርጫ ይመዘገባል። ለራሳችሁ ገጽ ማጽጃ ብቻውን አይበቃም እንጂ።