ሐሰተኛ የባንክ ጥሪና የማረጋገጫ ኮድ

የማረጋገጫ ኮድ የሚባለው፣ ደንበኛው የባንኩን መተግበሪያ በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፍት ወይም የምስጢር ቍጥሩን ሲለውጥ፣ ባለቤቱ እርሱ ራሱ መሆኑ ይታወቅ ዘንድ በአጭር መልእክት የሚላክለት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሻር ቍጥር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ስለሚያንቀሳቅስ፣ አታላዩም ከኪስ ይልቅ ይህን ቍጥር የሚሻ ሆኗል።

የማታለሉን ሥርዓት ለመረዳት፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ሽንኩርት የምታከፋፍል፣ የሂሳብ ቍጥሯንና ስልኳን በካርቶን ጽፋ ከሚዛኑ በላይ የሰቀለች አንዲት ነጋዴ እናስብ። ረፋድ ላይ «8,500 ብር ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል መልእክት ይደርሳታል፤ ወዲያውም አንድ ትሑት ድምፅ ደውሎ በሙሉ ስሟ ይጠራትና፣ «ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ብሩ በስሕተት የገባ ስለሆነ አሁን የሚደርስዎትን ቍጥር ያንብቡልን፤ አለበለዚያ ሂሳብዎ ይታገዳል» ይላታል። በዚያችው ቅጽበት ሰውየው የእርሷን ስልክ ቍጥር በራሱ መተግበሪያ ላይ አስገብቷልና፣ ኮዱ በእርግጥ ከባንኩ ይመጣል። ከሁለቱ መልእክቶች ፊተኛው ሐሰት፣ ኋለኛው እውነት መሆኑ ነው ብልሁን ሰው ሳይቀር የሚያስተው፤ እውነተኛው ለሐሰተኛው ምስክር ይሆንለታልና። የሚያጣድፋትም ኮዱ ሳይሻር እንዲደርስለት፣ ደግሞም «ለማንም አይስጡ» የሚለውን ጽሑፍ እንዳታነብ ነው።

ስሟን ማወቁ ምንም አያስረዳም፤ በካርቶኑ ላይ ወዳለው ሂሳብ ገንዘብ ለመላክ የጀመረ ሁሉ የተቀባይዋን ስም በስክሪኑ ያያልና። የላኪው ስምም እንዲሁ የማይታመን ነው። ብዙው ሐሰተኛ መልእክት ከተራ የሞባይል ቍጥር ስለሚመጣ በቀላሉ ይለያል፤ ነገር ግን የላኪ ስም በላኪው በኩል የሚጻፍ ቃል ስለሆነ፣ የባንኩን ስም አስመስሎ የተላከውን ስልኩ ከቀደሙት እውነተኛ መልእክቶች ሥር ይደረድረዋል። ስለዚህ ገንዘብ መግባቱ የሚታወቀው ከመልእክቱ ሳይሆን ከቀሪ ሂሳቡ ነው፤ ይህንንም በቴሌብር *127#፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889# ደውሎ ራስን ችሎ ማየት ይቻላል። ባለቤቱ ሳይጠይቀው የመጣ ኮድ ግን፣ ደዋዩ ማንም ይሁን ማን፣ ሌላ ሰው በሂሳቡ ለመግባት መሞከሩን ያመለክታል።

ኮዱን የነገረ ሰው ስልኩን ዘግቶ በራሱ እጅ ወደ ባንኩ (ንግድ ባንክ ከሆነ ወደ 951፣ ቴሌብር ከሆነ ወደ 127) ደውሎ ሂሳቡን ያሳግዳል፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሂሳብ ተዛውሮ በጥሬው እስኪወጣ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 መሠረት የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ በትክክለኛው ኮድ የተፈጸመ ዝውውር በባንኩ መዝገብ ላይ የደንበኛው የራሱ ሥራ መስሎ ስለሚታይ፣ ተበዳዩ ለፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ የጥሪው ቍጥር፣ ሰዓቱና ያልተሰረዙት ሁለቱ መልእክቶች ናቸው።