የጥርስ ብሩሽ፦ በእጅ ወይስ በኤሌክትሪክ? ፀጉሩ ማለቁስ በምን ይታወቃል?

የጥርስ ብሩሽ የሚያጸዳው በፀጉሮቹ ጫፍ ነው። ጫፎቹ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሲያርፉ፣ እዚያ የሚለጠፈውን ፕላክ የሚባል ስስ ዝልግልግ ቆሻሻ ይጠርጋሉ። ፀጉሩ ከጎበጠ ግን ጫፉ ወደ ውጭ ስለሚዞር ያንን መስመር በደንብ አያገኘውም።

ማለቁን ለማወቅ ብሩሹን ገልብጠው ከጀርባው ይመልከቱት። ፀጉሮቹ ከጭንቅላቱ ጠርዝ አልፈው ከታዩ ይቀይሩት። የተለመደው የመቀየሪያ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ነው፤ ቀድሞ ከተንጨፈረረ ግን ቀኑን አይጠብቁ።

ቶሎ ማለቁ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለምሳሌ በቀኝ እጁ የሚቦርሽ አንድ ሰው አዲስ ብሩሽ በ5 ሳምንት ተንጨፈረረበት እንበል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ በግራ በኩል ያለው የላይኛው ክራንቻው ይጠዘጥዘዋል፤ በመስታወት ሲያየውም ጥርሱ የረዘመ ይመስለዋል። ጥርሱ አላደገም፤ ድዱ ወደ ላይ ሸሽቶ ሥሩ ተጋልጧል። የድድ በሽታም ይህን ሊያመጣ ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ማየት አለበት፤ ብሩሹ እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በኃይል መፈግፈግ ነው። “እንግዲያው ጠንካራ ብሩሽ ልግዛ” ቢል ጉዳቱን ያባብሰዋል። የሚያስፈልገው “ሶፍት” የተባለው ለስላሳ ብሩሽ ነው። እንደ እርሳስ በጣቶቹ ይያዘው፤ ፀጉሩን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጎ በትንንሽ እንቅስቃሴ ለ2 ደቂቃ ይቦርሽ። የሸሸው ድድ በራሱ አይመለስም። ቀጣዩ ብሩሽ ፀጉሩ ሳይጎብጥ 3 ወር ከቆየለት ግን ጫናው መቀነሱን ያውቃል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሲጫኑት በመብራት ወይም በድምፅ የሚያስጠነቅቅ የኤሌክትሪክ ብሩሽ ሊረዳው ይችላል። በጥናቶች ሲነጻጸሩ የኤሌክትሪኩ ብሩሽ ፕላክንና የድድ ብግነትን ከተራው በተወሰነ ደረጃ የበለጠ ይቀንሳል። በደንብ የሚቦርሽ ሰው ግን በተራውም ጥርሱን ንጹሕ ማድረግ ይችላል። እኔ ኤሌክትሪኩን አስቀድሜ የምመክረው ስትሮክ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም እጃቸውን ላደከመባቸው፣ እንዲሁም ሌላ ሰው ለሚቦርሽላቸው ሕሙማን ነው። በኤሌክትሪኩ አይፈገፍጉም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ጥቂት ሰከንድ ያሳርፉትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ መለዋወጫው ጭንቅላት በአካባቢዎ ይሸጣል? ዘመድ ከውጭ ያመጣው ብሩሽ ጭንቅላቱ ጠፍቶ በተንጨፈረረው ለዓመት ሲሠራበት አያለሁ። ከዚያ ይልቅ በየ3 ወሩ የሚቀየር ርካሽ ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል። የኤሌክትሪኩን እጀታ ቤተሰብ ሊጋራው ይችላል፤ ጭንቅላቱ ግን ለየሰው ለብቻው ይሁን።

ብሩሹን ቀይረው፣ በቀስታ እየቦረሹም ድድዎ ከ2 ሳምንት በኋላ መድማቱን ካላቆመ የጥርስ ሐኪም ይዩ።