አካሄድ፦ የተደገመ የማይመስለው ድግግሞሽ

ባለፈው እሁድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ማርያም ወጥተን ስንመለስ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት ዘንድ ቆምን። ቆሎው በላስቲክ ተቋጥሯል። “እማማ፣ ስንት ነው?” አልኳቸው። “ትንንሾቹ አሥር አሥር ብር ናቸው ልጄ” አሉኝ።

ቆሎውን እየቆረጠምን ስንወርድ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ጓደኛዬ እንጦጦ የሚለው ስም ውስጥ “ጦ” ሁለቴ ስለተደገመ ቃሉ የተደጋገመ አማርኛ ነው አለ። ሌላው ደግሞ “እሺ፣ ጉለሌስ? ‘ለሌ’ አይልም እንዴ?” ብሎ ስሙን በፊናው ተረጎመው። የቦታ ስም በዚህ ከተማ ምን ያህል ጠብ እንደሚያስነሣ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ከስሞቹ ይልቅ የቆሎ ሻጯ አረፍተ ነገር ነበር የያዘኝ። አንድ ድምፅ ሁለቴ ስለተሰማ ብቻ ቅጂ ነው ይባላል? መልሱን ለማግኘት ከእሳቸው ንግግር መነሣት ይሻላል።

“አሥር አሥር” ሙሉ ቅጂ ነው። ቃሉ እንዳለ ተደገመ፤ ትርጉሙም “እያንዳንዱ” ሆነ። “ትንንሽ” ግን ከፊል ቅጂ ነው። ከ“ትንሽ” ውስጥ “ን” ብቻ ተደገመና ብዛት አመለከተ። “ትንሽ ትንሽ ስጪን” እና “ትንንሽ ስጪን” አንድ እንዳልሆኑ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። የመጀመሪያው ስለ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ስለ ብዙ ትንሽ ነገሮች።

ሙሉ ቅጂ የቋንቋ ሊቃውንትን ብዙ አላጣላም። ያጣላቸው ከፊሉ ነው። የትኛው ድምፅ ይቀዳል? ስንቱ? የት ይቀመጣል?

አማርኛ ላይ ደንቡ ሲታይ ቀላል ነው፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ተነባቢ ድገም። አዲስ፣ አዳዲስ። ሰበረ፣ ሰባበረ። ገለበጠ፣ ገለባበጠ። “ደጋገመ” የሚለው ቃል ራሱ ከ“ደገመ” የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

በፈረንጆቹ 1981 አሜሪካዊው ጆን ማካርቲ ስለ ዐረብኛ ግሥ ባሳተመው ጥናት የሴም ቋንቋዎችን ቃል እንደ ብሎኬት ፎርማ ተመለከተው። የቃሉ ቅርጽ ባዶ ቦታዎች ያሉት ፎርማ ነው፤ የግሡ ሥር ተነባቢዎች ከግራ ወደ ቀኝ እየገቡ ይሞሉታል። ቦታ ከተረፈ የመጨረሻው ተነባቢ ተዘርግቶ ይሞላዋል። ይህ ነደደ እና ወደደን በደንብ ያስረዳል፤ ሁለት ተነባቢ ሦስት ቦታ ሲያገኝ ኋለኛው ይደገማል። “ነነደ” የሚባል ግሥ የሌለን ለዚህ ነው ማለት ነው።

አሁን ሰባበረን እንሞክር። ፎርማው አራት ቦታ አለው፤ ያሉን ሰ፣ በ እና ረ ናቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ስንሞላ “ረ” ይተርፍና “ሰባረረ” ይወጣል። እንዲህ የሚል ሰው የለም። ማካርቲም በዐረብኛው መካከለኛ ተነባቢ ሲጠብቅ ይኸው ችግር ገጥሞት ለብቻው ማስተካከያ ደንብ ጨምሯል። ገለባበጠ ሲመጣ ደግሞ አምስት ቦታ ያለው ሌላ ፎርማ ያስፈልጋል። ይባስ ብሎ በኤርትራ የሚነገረው ትግረ ይህንኑ የመሐል ቅጂ በአንድ ግሥ ላይ ሁለቴና ሦስቴ ይደራርበዋል። ሻሮን ሮዝ የተባለች ተመራማሪ በሰፊው ጽፋበታለች። ለእያንዳንዱ ድርብ አዲስ ፎርማ ልንሠራ ነው? ፎርማው ቃሉን ተከትሎ የሚረዝም ከሆነ ፎርማነቱ ምኑ ላይ ነው?

በ1995 ማካርቲ ራሱ ከአለን ፕሪንስ ጋር ሆኖ ነገሩን ገለበጠው። በዚህ በኋለኛው ሐሳብ ዋናው ነገር የቦታ ቁጥር ሳይሆን ዝምድና ነው። እያንዳንዱ የቅጂ ድምፅ ከዋናው ቃል ውስጥ አንድ ዘመድ አለው፤ ቋንቋው ደግሞ ሁለቱ እንዲመሳሰሉ ይሻል። ይህ ፍላጎት ከሌሎች የድምፅ ሕጎች ጋር ይፎካከራል። የትኛው እንደሚያሸንፍ በየቋንቋው ይለያያል። ቅጂው የሚቀመጥበትም ቦታ እንዲሁ ነው። እዚሁ እንጦጦ ሥር የሚነገረው ኦሮምኛ “ጉዳ” (ትልቅ) የሚለውን ሲያበዛ “ጉጉዳ” ይላል፤ የሚቀዳው የቃሉ መጀመሪያ ነው። አማርኛ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ይቀዳል።

እስቲ ሁለቱን ሐሳቦች ታሪክ ባለባቸው ቃላት እንፈትናቸው። የድርጊት ሁኔታ የሚነግሩን ስሞች፣ አሰባበር፣ አቆራረጥ፣ አገለባበጥ፣ ሁሉም ያንኑ ቅጂ ይዘዋል። ከ“ቆመ”ስ? የጥንቱ ሥር ቀ፣ ወ፣ መ ነው፤ “ወ” በጊዜ ብዛት ጠፍቶ በ“ቆ” ክብነት ውስጥ ብቻ ቀርቷል። የጥንቱ ሥር ዛሬም በጆሯችን ቢኖር “አቀዋወም” በተባለ ነበር። የምንለው ግን “አቋቋም” ነው፤ ደብተራው ጸናጽልና ከበሮ ይዞ የሚማረው ያው አቋቋም። የተቀዳው “ቀ” ከነክብነቱ ነው። ቅጂው ዋናውን መስሏል፤ እስከዚህ የዝምድናው ሐሳብ ያሸንፋል።

አሁን “ሄደ”ን ውሰዱ። በአቋቋም አርአያ ብንሄድ “አሃሄድ” ማለት ነበረብን። የምንለው “አካሄድ” ነው። “ከ” ከየት መጣ?

ከግእዝ። በግእዝ “ኬደ” ረገጠ፣ ተራመደ ማለት ነው። የአማርኛው “ሄደ” ከዚሁ ሲመጣ “ከ” ላልቶ “ሀ” ሆነ። “አካሄድ” ሲባል ግን፣ ቀስ ብላችሁ ብትሉት እንደምትሰሙት፣ “ካ” ይጠብቃል። የጠበቀ “ከ” አይላላም፤ ስለዚህ ጥንት የነበረበት ቀርቷል። ሁለተኛው “ከ” አልጠበቀምና “ሀ” ሆነ። በአንድ ቃል ውስጥ አንድ ተነባቢ ሁለቴ ተቀምጦ፣ አንዱ አሮጌ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሌላው ቀይሮ ማለት ነው።

የዝምድናው ሐሳብ የሚቸገረው እዚህ ነው። ማካርቲና ፕሪንስ በጣም የተመኩበት ማስረጃ፣ ቅጂና ዋና እንዲመሳሰሉ ሲባል የድምፅ ሕግ የሚጣስባቸው ቋንቋዎች ናቸው። አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው፤ የድምፅ ሕጉ አሸንፎ መመሳሰል ጠፋ። እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ “እዚህ ሕጉ በለጠ” ብሎ መልስ ይሰጣል። እኔ ግን ሌላው መልስ ይበልጥ ይታየኛል፤ ተናጋሪው “ካ” እና “ሄ” ዘመዳሞች መሆናቸውን ከረሳ ቆይቷል፤ ቃሉንም የሚይዘው እንዳለ ነው። ፎርማው ግን አልጠፋም። አቋቋምና አካሄድን ጎን ለጎን ብትሏቸው ምታቸው አንድ ነው። ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነውና “ስብሰባ ተካሄደ”፣ “ውይይት አካሄዱ” እያልኩ ስንት ዜና እንደጻፍኩ አልቆጥረውም። ያ “ካ” ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደ ስሞቹ ልመለስ። “አዳዲስ” ቅጂ ነው የምንለው “አዲስ” ስላለ ነው። ለእንጦጦ “እንጦ” የሚል መነሻ የሚያሳየኝ ካለ እሰማለሁ። ጉለሌ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ኦሮምኛ ደግሞ የሚቀዳው ከመጀመሪያ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያለው “ለሌ” በዚያ ደንብ አይገኝም። ድምፁ ሁለቴ ተሰማ እንጂ ቅጂ ለመሆኑ ማስረጃ የለም።

ይህን ሁሉ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ለጓደኞቼ አስረዳሁ። አንደኛው የቆሎውን ላስቲክ አራግፎ ኪሱ ከተተና “ነገሩስ ገብቶኛል፣ አካሄድህን ነው ያልወደድኩት” አለኝ።