ኢንሱሊን ሲቀንስ የሯጭ ጡንቻ ስኳር ከየት ያገኛል?

እአአ በ1988 ኢትዮጵያዊው አትሌት በላይነህ ዲንሳሞ በሮተርዳም ማራቶን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በእንዲህ ያለ ሩጫ ጡንቻዎች ከደም የሚወስዱት ግሉኮስ በደቂቃ እስከ አንድ ግራም ሊደርስ ይችላል። በአንድ አዋቂ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ጉበት እየተካ ባይልክ ኖሮ በደቂቃዎች ባለቀ ነበር።

የሚገርመው፣ በሩጫው ወቅት ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ግሉኮስን ወደ ጡንቻ ሕዋስ የሚያስገባው ‘ግሉት-4’ የተሰኘ አጓጓዥ ፕሮቲን ነው። ሰው ሲያርፍ አብዛኛው በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል። ከምግብ በኋላ ወደ ሕዋሱ ሽፋን እንዲወጣ የሚያዘው ኢንሱሊን ነው። በሩጫ ጊዜ ግን ትእዛዙ ከጡንቻው ከራሱ ይመነጫል፦ ጡንቻው ሲኮማተር የሚለቀቀው ካልሲየም እና የኃይል መመናመንን የሚለየው ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ዛሬም ያከራክራል።

ይህ መንገድ በዓይነት 2 የስኳር ሕመም በአመዛኙ አይበላሽም፤ የእግር ጉዞ የደም ስኳርን የሚቀንሰውም በዚህ ነው።

ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ሯጭ ግን ሁለቱ ትእዛዞች ይደራረቡበታል። መርፌው የጉበትን አቅርቦትም ስለሚገታ ስኳሩ በፍጥነት ሊወርድ ይችላል። ላብና ድካም የሩጫም ምልክቶች በመሆናቸው፣ መውረዱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በመለካት ነው። በአንጻሩ ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ ካጣ ጉበት ያለገደብ ስለሚለቅ፣ ስኳሩ በሩጫ ሊያሻቅብ ይችላል።

የመኮማተሩ ቀጥተኛ ውጤት በሰዓታት ውስጥ ይከስማል። ጡንቻው ለኢንሱሊን ያለው ስሜት ግን እስከ ሁለት ቀን ከፍ ብሎ ስለሚቆይ፣ ከቀትር በኋላ የሮጠ ሰው ስኳር ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳለ ሊወርድ ይችላል።