የወር አበባ ዑደት ሆርሞኖች

የወር አበባ ዑደት ሆርሞኖች በሴት አካል ውስጥ እንቁላል እንዲበስልና እንዲለቀቅ፣ ማህፀንም ለእርግዝና እንዲዘጋጅ የሚያደርጉ ኬሚካላዊ መልእክተኞች ናቸው። ዋናዎቹ አምስት ናቸው። ጂ ኤን አር ኤች የሚመነጨው ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ኤፍ ኤስ ኤች እና ኤል ኤች ከሃይፖታላመስ ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ ይወጣሉ። ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን ደግሞ ከእንቁልጢ (ኦቫሪ) ይመነጫሉ።

ዑደቱ የሚቆጠረው ደም መፍሰስ ከጀመረበት ቀን ሲሆን፣ ያ ቀን 1ኛው ቀን ይባላል። በአዋቂ ሴቶች ከ24 እስከ 38 ቀን የሚወስድ ዑደት ጤናማ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚሳለው የ28 ቀን ዑደት ምሳሌ እንጂ ሕግ አይደለም።

የፎሊክል እድገት

ፎሊክል እያንዳንዷን እንቁላል አቅፎ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ነው። ያለፈው ዑደት ሲያበቃ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን ይወርዳሉ። ሲወርዱ በፒቱታሪ ላይ የነበረው ልጓም ይላላና ኤፍ ኤስ ኤች ትንሽ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ በርከት ያሉ ፎሊክሎች አብረው ማደግ ይጀምራሉ።

ኢስትሮጅን የሚሠራው በሁለት ዓይነት ሴሎች ትብብር ነው። በፎሊክሉ ውጫዊ ክፍል ያሉት የቴካ ሴሎች በኤል ኤች ትእዛዝ አንድሮጅን ያመርታሉ። በውስጥ በኩል ያሉት የግራኑሎሳ ሴሎች ደግሞ በኤፍ ኤስ ኤች ትእዛዝ ያንን አንድሮጅን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጡታል። ስለዚህ የአንዱ ሆርሞን መጓደል ብቻውን ሥራውን ያስተጓጉለዋል።

ፎሊክሎቹ ባደጉ ቁጥር ኢስትሮጅን ይጨምራል፤ የጨመረው ኢስትሮጅን ደግሞ ተመልሶ ኤፍ ኤስ ኤችን ይቀንሳል። ይህ አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። ኤፍ ኤስ ኤች ሲያንስ አብዛኞቹ ፎሊክሎች እድገታቸው ይቆምና ይሟሽሻሉ። በአብዛኛው የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ የኤፍ ኤስ ኤች ተቀባይ ስላለው ጥቂቱ ሆርሞን ይበቃዋል። ሰው በአብዛኛው አንድ ልጅ ብቻ የሚወልደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኦቩሌሽን

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ፒቱታሪን ሲገታ የነበረው ኢስትሮጅን በዑደቱ አጋማሽ ላይ ሥራውን ይገለብጥና ፒቱታሪን ያነቃቃል። ሆርሞኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጠኑና የቆየበት ጊዜ ነው። ኢስትራዲዮል የተባለው ዋናው ኢስትሮጅን በደም ውስጥ 200 ፒኮግራም በሚሊሊትር ገደማ ደርሶ ለ2 ቀን ያህል ከዚያ ሳይወርድ ከቆየ፣ ፒቱታሪ ያጠራቀመውን ኤል ኤች በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይህ አዎንታዊ ግብረ መልስ ነው። መጠኑ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከፍ ብሎ ቢወርድ ይህ አይሆንም። በሌላ አነጋገር፣ እንቁላሏ የምትለቀቅበትን ጊዜ የሚወስነው የበሰለው ፎሊክል ራሱ ነው፤ አንጎል የሚጠብቀው የሱን ምልክት ነው።

የኤል ኤች ጎርፍ ከጀመረ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ 20 ሚሊሜትር ያህል የደረሰው ፎሊክል ይቀደድና እንቁላሏ ወደ ማህፀን ቱቦ ትገባለች። በሽንት የሚደረገው የኦቩሌሽን ምርመራ የሚያነበው ይህንኑ ኤል ኤች ነው። ምርመራው ጎርፉ መምጣቱን ያሳያል እንጂ እንቁላሏ መውጣቷን አያረጋግጥም።

የሉቲያል ምዕራፍ

የተቀደደው ፎሊክል አይጠፋም። ኮርፐስ ሉቲየም ወደተባለ ቢጫ አካል ተለውጦ ፕሮጀስትሮን በብዛት ያመርታል፤ ኢስትሮጅንም ይጨምርበታል። ኢስትሮጅን ያወፈረውን የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ፕሮጀስትሮን ጽንስ ሊይዝ በሚችል መልኩ ያደራጀዋል። የሰውነት ሙቀትንም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ያደርጋል።

ኮርፐስ ሉቲየም እርግዝና ከሌለ ዕድሜው 14 ቀን ገደማ ነው። እሱ ሲከስም ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፣ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ደም ይፈስሳል። እርግዝና ካለ ግን ጽንሱ የሚያመነጨው ኤች ሲ ጂ በኤል ኤች ፈንታ ያቆየዋል። የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገውም ይህንን ሆርሞን ነው።

ቀኑን መቁጠር

የዑደት ርዝመት ከሴት ሴት የሚለያየው በዋናነት ፎሊክሉ ለመብሰል በሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ የሉቲያል ምዕራፉ ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ የኦቩሌሽን ቀን የሚገመተው ከዑደቱ መጨረሻ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

ለምሳሌ ሐረር ውስጥ ፈላና በር አካባቢ የምትኖር፣ ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ሴት እናስብ። የወር አበባዋ መስከረም 3 ቢጀምር ቀጣዩ የሚጠበቀው ጥቅምት 8 ነው። 35 − 14 = 21 ስለሆነ ኦቩሌሽኗ በ21ኛው ቀን፣ ማለትም መስከረም 23 አካባቢ ይሆናል። አሁን እንቁላል መውጣቱን ለማረጋገጥ በተለመደው «የ21ኛ ቀን ፕሮጀስትሮን» ምርመራ ደም ብትሰጥ፣ ውጤቱ ከ1 ናኖግራም በሚሊሊትር ብዙም ያልራቀ ዝቅተኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ያየ ሰው እንቁላል አልወጣም ሊል ይችላል። ስህተቱ ግን ከቀኑ ነው፤ ኮርፐስ ሉቲየም ገና አልተፈጠረም። ምርመራው ከኦቩሌሽን 7 ቀን በኋላ፣ በ28ኛው ቀን፣ ማለትም መስከረም 30 ቢደረግና ውጤቱ ከ3 በላይ ቢሆን እንቁላል መውጣቱን ያመለክታል። የ21ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። ውጤቱ አሁንም ዝቅተኛ ከሆነ ቀጣዩ የወር አበባ በትክክል መቼ እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ ከመጣ ምርመራው አሁንም ቀድሞ ተደርጓል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሮቹ 30 ቀን ስለሆኑ ቆጠራው ይቀላል፤ ችግሩ ጳጉሜ ላይ ነው። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ 30 ሳይሆን 35 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ነው። ይህን የዘነጋች ሴት ዑደቷ ድንገት የተዛባ ሊመስላት ይችላል።

የሦስት ወር መርፌ

በኢትዮጵያ ከዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴዎች በብዛት ሲሠራበት የቆየው በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ ነው። በውስጡ ያለው ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን የሉቲያል ምዕራፉን ልጓም ያለማቋረጥ ይይዛል። የጂ ኤን አር ኤች ምት ይዘገያል፣ የኤል ኤች ጎርፍ አይመጣም፣ እንቁላልም አይለቀቅም። የማህፀን ሽፋኑ እየሳሳ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ደሙ ይዘበራረቃል፣ በኋላም በብዙ ሴቶች ላይ ይቆማል። አንዳንዶች «ደሙ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው ይሰጋሉ። ነገር ግን የሚፈርስ ወፍራም ሽፋን ስለሌለ የሚጠራቀም ደም የለም። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ የኤል ኤች ጎርፍ ተመልሶ ኦቩሌሽን እስኪጀምር ወራት ሊወስድ ይችላል።