የለውጥ ዝግጁነት ምዘና፦ ቅርንጫፉ አዲሱን ሲስተም ይችለዋል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ በአንድ ቅዳሜና እሁድ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን ሒሳብ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ አሻገረ። መረጃው ራሱ በደህና ተሻግሯል። አዲሱ ሲስተም ግን ሥራውን ሊሸከም አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን ማየት አቃታቸው፤ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ቅርንጫፉም ታወከ። የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሥራውን ለቀቀ። ባንኩ ወደ ወትሮው አሠራር የተመለሰው ከወራት በኋላ፣ በዲሴምበር ነበር። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

ከዚህ ታሪክ ለቀሪው ዓለም ትምህርት የሚሆነው የቅጣቱ መጠን አይደለም። ሲስተሙን የሠራው ሳቢስ የተባለው ድርጅት ዝግጁ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ነበር። በኋላ የተደረገው ማጣራት እንዳሳየው ግን ማረጋገጫው ባመዛኙ «እስከዚያ ድረስ ይደርሳል» የሚል ነበር። የተጻፈው ወደፊት ስለሚሆነው ነው፤ የባንኩ ኃላፊዎች ደግሞ አሁን እንደሆነ አድርገው አነበቡት።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚያጣራው ሥራ በእንግሊዝኛው ቼንጅ ሬዲነስ አሰስመንት ይባላል። በአማርኛ «የለውጥ ዝግጁነት ምዘና» ቢባል ይስማማዋል። አንድ ተቋም አዲስ ነገር ከማስገባቱ በፊት ሠራተኞቹ፣ አሠራሩና የሥራ ባህሉ ያን ለውጥ ዛሬ ሊሸከሙ ይችሉ እንደሆነ በማስረጃ የሚለካበት ሥራ ነው። «ግምገማ» የሚለው ቃል እዚህ ቢቀር ይሻላል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ግምገማ ማለት ለብዙ ዘመን ሰው በአለቃውና በባልደረቦቹ ፊት የሚነሣበትና የሚወድቅበት መድረክ ነበር። ገንዘብ ከፋይዋ «ለግምገማ መጡ» ብላ ካሰበች አዲሱን ሲስተም እንደማትችለው አትናገርም። እሷ ካልተናገረች ደግሞ የሚለካ ነገር የለም።

ሐሳቡ በጥናት ዓለም አዲስ አይደለም። አርመናኪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ብራያን ዋይነር ደግሞ በ2009 በሰፊው ጽፈውበታል። ዋይነር ዝግጁነትን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ «እናደርገዋለን» የሚል ቁርጠኝነት፣ ሌላው «እንችለዋለን» የሚል እምነት ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። ለውጡን ከልቡ የሚፈልግ ነገር ግን የማይችለው ቅርንጫፍ አለ፤ የሚችለው ነገር ግን የማያምንበትም አለ። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ልምምድ ያስፈልገዋል፣ ሁለተኛው ማብራሪያና አጥጋቢ መልስ።

ለኢትዮጵያ ባንኮች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተደረገ ሥራ ሳቢያ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሊያወጡና ሊያስተላልፉ ችለው ነበር። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ መወሰዱን አስታወቀ፤ ገንዘቡን የማስመለሱ ሥራም ብዙ ቀን ፈጀ። ስሕተቱ የተፈጠረው በማዕከል ነው፤ ከደንበኛው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ግን ቅርንጫፉ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሲሆን፣ ከገበሬ ጋር በቡድን ብድር የሠራ ሠራተኛ ወደ ባንክ ሥራ ተሻግሯል። አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ የሚያርፈው እንዲህ ባለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ባንክ በሁሉም ቅርንጫፎቹ አዲስ ሲስተም ሊዘረጋ ነው እንበል። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጀውሃ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉት ቅርንጫፍ አለው። ቅርንጫፉ ምናባዊ ነው፤ የሚገጥመው ነገር ግን በይፋት ቆላ ላለ ባንክ ሁሉ የታወቀ ነው።

ምዘናው ከሰው ይጀምራል። የተለመደው አካሄድ ሠራተኛው ሠልጥኗል ወይ ብሎ የፊርማ ወረቀቱን ማየት ነው። ፊርማው የሚመሰክረው በአዳራሹ መገኘቱን ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ገንዘብ ከፋዩን በልምምድ ሲስተሙ ፊት አስቀምጦ አሥር ሥራ መስጠትና ሳይረዱት ማየት ነው። ከአሥሩ ውስጥ ቀላሎቹ ማስገባትና ማውጣት ናቸው። የሚለዩት ሌሎቹ ናቸው፦ በስሕተት የገባን ገንዘብ መመለስ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየን ሒሳብ መክፈት፣ በአውራ ጣት የሚፈርምን ደንበኛ በምስክር ማስተናገድ፣ ከወለድ ነፃ ለሆነ ሒሳብ ወለድ እንዳልታሰበ ማረጋገጥ። ሙስሊም ደንበኛ በሚበዛበት ይፋት ይህ የመጨረሻው ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። በሒሳቡ ላይ ጥቂት ሳንቲም ወለድ ተደምሮ ያየ ነጋዴ እምነቱ እንደተደፈረ ይቆጥረዋል፤ ይቅርታ ብቻም አይመልሰውም።

በጀውሃው ቅርንጫፍ መጠይቁ በአምስት ነጥብ መለኪያ ተሞልቶ አማካዩ 4.2 መጣ እንበል። ከአራቱ ገንዘብ ከፋዮች አሥሩንም ሥራ የጨረሰችው ግን አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም በሚቀጥለው ወር ወደ ደብረ ብርሃን ትዛወራለች። መጠይቁ ፍላጎትን ለክቷል፤ ችሎታን አላየም። ዝውውሩን ደግሞ ጨርሶ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ ምዘናው ሲስተሙ ሥራ ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እንደገና መደረግ አለበት። ከሦስት ወር በፊት የተለካ ዝግጁነት የሌላ ሰው ዝግጁነት ሊሆን ይችላል።

ወደ አሠራሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈተሸው የደንበኛው መዝገብ ነው። አሮጌው ሲስተም ስምን በላቲን ፊደል ይዞ ከሆነ «መሐመድ» የሚለው አንድ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። በኢትዮጵያ ስም የአባት ስም ይከተላል እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ መሐመድ ሰይድና ሰይድ መሐመድ የሚባሉ ደንበኞች ደግሞ በአንድ ከተማ በብዛት አሉ። አዲሱ ሲስተም ተመሳሳይ ደንበኞችን በራሱ እንዲያዋህድ ከተደረገ የሁለት ሰው ገንዘብ በአንድ ስም ሊገባ ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከቅርንጫፉ ሁለት መቶ መዝገብ በዕጣ አውጥቶ ከመታወቂያ ቅጂው ጋር ማስተያየት። የብድር ውል ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሲስተሙ ደግሞ በአውሮፓውያኑ ከሆነ የመክፈያ ቀኑ ሲቀየር በስንት ቀን እንደሚዛባም እዚያው ይታያል። ጳጉሜን ላይ የሚውል ቀን መጀመሪያ ቢፈተን ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበርና ጥያቄው ለዚህ አካባቢ የይሆናል ጥያቄ አይደለም። አሮጌው ሲስተም ሲቆም ቅርንጫፉ በወረቀት የሚሠራበት መንገድ ይኖረው ይሆናል። አዲሱ ሁሉን ነገር ከማዕከል የሚያነብ ከሆነ ያ መንገድ ተዘግቷል። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ማሾውንና ሽንኩርቱን ሸጦ ለመጣ ገበሬ ለስንት ሰዓት ይሰጠዋል? ማን ነው ደረሰኙን የሚጽፈው? ሲስተሙ ሲመለስ ወረቀቱን ማን ያስገባል፣ ማንስ ያጸድቀዋል? ለእነዚህ በስም የተጻፈ መልስ ከሌለ ቅርንጫፉ ዝግጁ አይደለም።

የሥራ ባህልን መለካት ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰው ስለራሱ ባህል ሲጠየቅ የሚመልሰው መሆን ያለበትን ነውና። ስለዚህ አስተዋይ መዛኝ ከመጠየቁ በፊት የአሮጌውን ሲስተም የማጽደቂያ መዝገብ ይከፍታል። ሥራ አስኪያጁ የዓመት ፈቃድ ላይ በነበሩባቸው ቀናት በእሳቸው ስም የጸደቀ ክፍያ ካለ የይለፍ ቃላቸው በቅርንጫፉ ይዘዋወራል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ተብሎ ከተያዘ ምዘናው እዚያው ይሞታል። ማሳየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ቅርንጫፉ ሰልፍ ሲረዝም ሕግን የሚያልፈው ሥራ እንዳይቆም ብሎ ነው። አዲሱ ሲስተም አንድ ሰው እንዲያስገባ ሌላው እንዲያጸድቅ በጣት አሻራ ሲያስገድድ ያ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ሰልፉም ይቆማል። መፍትሔው አስቀድሞ ሁለተኛ አጽዳቂ መሾም ነው።

ሌላው ምልክት መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ያለፈው ወር የተፈጠሩ የሒሳብ መዛባቶችን ወስዶ እያንዳንዱ በቅርንጫፉ በታወቀበትና ለዲስትሪክት ጽሕፈት ቤቱ በተነገረበት ሰዓት መካከል ያለውን ርቀት መቁጠር ነው። አንድ ቀን ከሆነ ደህና፤ ሁለት ሳምንት ከሆነ አዲሱ ሲስተም በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሰማው ነገር አይኖርም።

አሁን ውጤቱ ሲደመር ብዙ ባንክ የሚስተው እዚህ ነው። አንድ ሌላ ቅርንጫፍ ለሰው 4፣ ለአሠራር 2፣ ለባህል 4 ቢያገኝ አማካዩ 3.3 ይሆንና «ከመካከለኛ በላይ» ተብሎ ያልፋል። ነገር ግን ኔትወርክ በጠፋ ቀን ገንዘብ መክፈል የማይችል ቅርንጫፍ በጥሩ ባህሉ አይከፍልም። ስለዚህ የሚወስነው ዝቅተኛው ነጥብ እንጂ አማካዩ መሆን የለበትም። ለአሠራር 2 ያገኘ ቅርንጫፍ የጎደለው እስኪሟላ ወደ ኋለኛው ዙር ይተላለፋል፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ይህ የሚሠራው ቀኑ ሊገፋ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ 23 ስለሚዘጋ፣ አመራሩ «ከሰኔ በፊት ሁሉም ቅርንጫፍ» ብሎ ካወጀ በኋላ የሚደረግ ምዘና ውሳኔን አይለውጥም። ውሉን ከሶፍትዌር አቅራቢው ጋር ሲፈርሙ በዙር መዘርጋትንና ቀን መግፋትን ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በኋላ መግፋት ቅጣት ያመጣል።

ምዘናው የማያየውም አለ። የሶፍትዌሩን የውስጥ ስሕተት አያገኝም፤ የቲኤስቢ የቴክኒክ ብልሽት በጭነት ሙከራ እንጂ በመጠይቅ አይታይም። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፣ አንዱም ሌላውን አይተካም። የሁለቱም ሪፖርት ለቦርድ ሲቀርብ የቦርዱ አባላት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያንብቡና ግሱን ይመልከቱ። «ይሟላል» የሚል ካገኙ «መቼ፣ በማን?» ይበሉ፤ «ተሟልቷል» የሚለውን ደግሞ ማን ሄዶ እንዳየው ይጠይቁ።