“ምሕረት”ን መከተል፦ ከፓሪስ ገዳም እስከ ሐዋሳ ስብከት ዝግጅት

በሐዋሳ ለእሑድ ስብከት የሚዘጋጅ አገልጋይ በስልኩ ላይ “ምሕረት” ብሎ ቢፈልግ፣ የጥቅሶች ዝርዝር ወዲያው ይወጣለታል። ይህ ዝርዝር የሚቆጥረው የማንን ቃል ነው? የነቢዩን ወይስ የተርጓሚውን? ጥያቄው ከስልኩ እጅግ የቆየ ነው፤ የኮንኮርዳንስ ታሪክም በአብዛኛው ለዚሁ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮንኮርዳንስ በ1230ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በፓሪስ፣ በዶሚኒካን መነኮሳት እጅ፣ በሂዩ ዘሳን ሼር መሪነት ተዘጋጀ። የቁጥር ክፍፍል ገና ስላልነበረ እያንዳንዱን ምዕራፍ በፊደል ምልክት ወደ ሰባት ክፍል ከፈሉት። ሥራው ግን የተመሠረተው በላቲኑ ትርጉም ላይ ነበር። ስለዚህ አንባቢው የሚከተለው የላቲኑን ተርጓሚ ምርጫ ነበር።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1437 ጀምሮ፣ ይስሐቅ ናታን የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ በደቡብ ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ያዘ። ከክርስቲያኖች ጋር በሚደረገው ክርክር ጥቅስን ፈጥኖ ማግኘት ያስፈልግ ስለነበር፣ የዕብራይስጡን ቃላት በሥራቸው አደራጀ። በ1890 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ስትሮንግ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ መሠረተ ቃል ቁጥር ሰጠ። ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው እንኳ ከትርጉሙ ጀርባ ያለውን ቃል መከተል ቻለ።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። የ1954 ዓ.ም. እትም መዝሙር 51ን ይክፈቱ። በመጀመሪያው ልመና ላይ “ቸርነት” የቆመው ለዕብራይስጡ “ሔሴድ” ሲሆን፣ “ምሕረት” የቆመው ለ“ራሐሚም” ነው፤ ይህም ከአንጀት የሚወጣ ርኅራኄ ማለት ነው። ቀጥለው መዝሙር 23፥6ን ይመልከቱ። እነዚያው ሁለት የአማርኛ ቃላት ጎን ለጎን አሉ፤ አሁን ግን “ቸርነት” የቆመው ለ“ጦብ”፣ ማለትም ለመልካምነት ነው፤ “ሔሴድ” ደግሞ “ምሕረት” ሆኗል። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። አንድ ቃል እንደ ዐውዱ ልዩ ልዩ አቻ ይሻል። ነገር ግን “ምሕረት”ን ብቻ የፈለገ ሰው የሔሴድን ጥቅሶች በከፊል ያጣል፤ ሔሴድ ያልሆኑትንም ይሰበስባል።

ለስብከት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። “ምሕረት” ሲባል ጆሯችን ፈጥኖ የሚሰማው የጥፋተኛን ይቅር መባል ነው። ቦዔዝ ግን በሩት 3፥10 የሩትን ሥራ ሔሴድ ይለዋል፤ አማርኛው “ቸርነት” ብሎታል። በዚያ ይቅር የተባለ በደለኛ የለም፤ ያለው በቤተ ሰብ ማሰሪያ የጸና ታማኝነት ነው። በመዝሙር 136 በሃያ ስድስቱም ቁጥሮች የሚመላለሰው ቃል ይኸው ነው። ፍጥረትና ከግብፅ መውጣት የሚዘመሩት፣ እግዚአብሔር የያዘውን የማይለቅ በመሆኑ ነው። በሆሴዕ 6፥6ም “ምሕረት” የተባለው ይኸው ሔሴድ ነው፤ ጌታም ጥቅሱን በማቴዎስ 9፥13 ሲያነሣ ይህ ሁሉ አብሮት ይመጣል።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ ያድርጉ። በአማርኛው ሲፈልጉ “ምሕረት” ብለው ሙሉውን አይጻፉ፤ “ምሕረቱ” እና “ምሕረቴ” የመጨረሻ ፊደላቸው ስለሚለወጥ ያመልጡዎታል። “ምሕረ” ብለው ያቁሙ። በ“ሐ” ፈንታ “ሀ” ከጻፉ፣ ፊደላቱን የማያመሳስል መተግበሪያ ምንም ላያሳይዎ ይችላል። “ማረ” እና “ይምራል” ደግሞ በዚህ ፍለጋ አይገኙም፤ ለብቻቸው ይፈለጉ። ከዚያ የስትሮንግ ቁጥር ባለው መጽሐፍ ወይም መተግበሪያ H2617ን ይክፈቱ፤ የሔሴድ ቁጥር ነው። ወደ 250 የሚጠጉ ቦታዎች ያገኛሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ከማፍሰስ መጽሐፍ በመጽሐፍ ይለዩአቸው፤ በየቦታውም “ማን ለማን አደረገ? በመካከላቸው ምን ማሰሪያ ነበር?” ብለው ይጠይቁ። በመጨረሻ ወደ አማርኛው ተመልሰው፣ ተርጓሚው በየቦታው የትኛውን ቃል እንደመረጠ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ይህም ዳርቻ አለው። ጄምስ ባር በ1961 እንዳስጠነቀቀው፣ ቃልና ሐሳብ አንድ አይደሉም፤ የቃሉን ትርጉሞች ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጥቅስ ላይ መጫንም ስሕተት ነው። ዮሴፍ በዘፍጥረት 50፥15–21 ወንድሞቹን ሲያጽናና ሔሴድ የሚለው ቃል አልተጻፈም፤ የትኛውም ፍለጋ ወደዚያ አይመራዎትም። ወደዚያ የሚያደርሰው ምዕራፉን ማንበብ ብቻ ነው።